ዋጋ ሲጨምር ገበያው ይሸሻል? አንድ እንጀራ ሻጭ በስምንት ሳምንት ሊያውቀው የሚችለው

በጅዳ ከተማ ኢትዮጵያውያን በሚበዙበት ሰፈር አነስተኛ ሱቅ ያለው አንድ ነጋዴ እንበል። አምስት አምስት እንጀራ በፕላስቲክ አሽጎ እያንዳንዱን እሽግ በ10 ሪያል ይሸጣል። ቀድሞ ጤፉ፣ ጋዙ፣ የጋጋሪዋ ክፍያና ፕላስቲኩ ተደምሮ አንዱን እሽግ 5 ሪያል ያስወጣው ነበር፤ አሁን 6 ሪያል ደርሶበታል። ስለዚህ ዋጋውን ወደ 11 ሪያል ከፍ ማድረግ ያስባል። ነገር ግን ከመንገዱ ማዶ ሌላ እንጀራ ሻጭ አለ። ደንበኛው አንዴ ወደዚያ ከተሻገረ ላይመለስ ይችላል ብሎ ይሰጋል።

ይህ ባለሱቅ ለማስረዳት የተቀረጸ ምሳሌ ነው፤ ቁጥሮቹም እንዲሁ። ጭንቀቱን ግን በገልፍ ከተሞች ሱቅ ወይም ምግብ ቤት የከፈተ ሁሉ ያውቀዋል።

ባለሱቁ በቅድሚያ የሚያደርገው ደንበኞቹን መጠየቅ ነው። መልሱን ሳይጠይቅም መገመት ይቻላል፤ ሁሉም «አትጨምር» ይለዋል። እንዲህ ብሎ መመለስ ጠያቂውን እንጂ ተጠያቂውን ምንም አያስከፍልምና፣ ከዚህ መልስ ብዙ ማወቅ አይቻልም። የደንበኛው እውነተኛ መልስ የሚገኘው 11 ሪያል በተጻፈበት መደርደሪያ ፊት ቆሞ እሽጉን ሲያነሳ ወይም ትቶ ሲሄድ ነው።

የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት ይህን መልስ በቁጥር የሚገልጹበት መለኪያ አላቸው። እንግሊዛዊው አልፍሬድ ማርሻል በ1890 ባሳተመው የምጣኔ ሀብት መጽሐፉ «ኢላስቲሲቲ» በሚል ስም አስፋፍቶታል፤ እኛ እዚህ የዋጋ ትብነት እንበለው። ትርጉሙ ቀላል ነው፤ ዋጋ በመቶኛ ይህን ያህል ሲጨምር ሽያጩ በመቶኛ ስንት ይቀንሳል የሚለውን ይነግረናል። ዋጋው 10 በመቶ ጨምሮ ሽያጩ 5 በመቶ ከቀነሰ ትብነቱ 0.5 ነው፤ ሽያጩ 20 በመቶ ከቀነሰ ደግሞ 2 ነው። ትልልቅ ኩባንያዎች ይህን ቁጥር ለማግኘት በሺዎች የሚቆጠሩ ሱቆችን መዝገብ ይመረምራሉ። ባለ አንድ ሱቁ ነጋዴ ያለው ግን የራሱ መደርደሪያና የራሱ ሳምንታት ብቻ ናቸው።

ብዙዎች የሚሄዱበት መንገድ በዚህ ሳምንት ዋጋ ጨምሮ ካለፈው ሳምንት ጋር ማነጻጸር ነው። ይህ መንገድ በቀላሉ ያሳስታል። ያለፈው ሳምንት ደመወዝ የወጣበት ከሆነ ሽያጩ በራሱ ጊዜ ከፍ ብሎ ነበር፤ በዚህ ሳምንት የቀነሰው ዋጋ ባይነካም የሚቀንስ ነበር። የቅናሹን ጥፋት ሁሉ በአንዷ ሪያል ላይ መጫን ፍርድን ያጣምማል።

ስለዚህ ሁለቱን ዋጋዎች ሳምንት እያፈራረቁ መሞከር ይሻላል፤ አንዱን ሳምንት በ10፣ ቀጣዩን በ11፣ ከዚያ እንደገና። በዚህ መልክ ቀስ እያለ የሚመጣ ለውጥ፣ ለምሳሌ የሙቀቱ መጨመር ወይም የሰፈሩ ነዋሪ መብዛት፣ ሁለቱንም ዋጋዎች በተቀራራቢ መጠን ይነካል። ሳምንቱን ከእሑድ ጀምሮ በቅዳሜ መዝጋት ይመከራል፤ የዓርብና የቅዳሜ የእረፍት ቀናት ሳይከፈሉ በአንድ ዋጋ ሥር ይውላሉና።

እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው የማያስተውለው ወጥመድ አለ። ወር ማለት አራት ሳምንትና ሁለት ወይም ሦስት ቀን ነው። ደመወዝ በመጀመሪያው ሳምንት ከወጣ ቀጣዩ ደመወዝ አብዛኛውን ጊዜ የሚውለው በአምስተኛው ሳምንት ነው። አንደኛውም አምስተኛውም ጎዶሎ ቁጥሮች ናቸው። ነጋዴው ጎዶሎውን ሳምንት ሁሉ በ10፣ ሙሉውን ሁሉ በ11 ከሸጠ፣ በስምንቱ ሳምንት ውስጥ ያሉት ሁለቱም የደመወዝ ሳምንታት በ10 ሪያል ላይ ይወድቃሉ ማለት ነው። ያኔ 11 ሪያል ከጥፋቱ በላይ ይወቀሳል። ማፈራረቁ ራሱ፣ መድኃኒት ይሆናል የተባለው፣ በሽታውን ደብቆ ያልፋል።

መፍትሔው ሳምንታቱን ሁለት ሁለት አድርጎ ማጣመር፣ በየጥንዱም ውስጥ የትኛው ዋጋ እንደሚቀድም ሳንቲም ጥሎ መወሰን ነው። በእርሻ ሙከራዎች ውስጥ ዕጣን መሠረታዊ ሕግ ያደረገው እንግሊዛዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ሮናልድ ፊሸር ነው። በሮታምስቴድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ይሠራ በነበረበት በ1920ዎቹ፣ የትኛው ማዳበሪያ በየትኛው መደብ ላይ እንደሚውል ተመራማሪው ራሱ መምረጥ የለበትም ሲል ተከራክሯል። የኛ ባለሱቅ ያሉት ጥንዶች አራት ብቻ በመሆናቸው ግን ዕጣው ብቻውን ላይበቃው ይችላል። ስለዚህ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥንዶች ሳንቲም ይጥላል፤ ሦስተኛውንና አራተኛውን ጥንድ የእነዚያ ግልባጭ ያደርጋቸዋል። የደመወዙ ሳምንት በመጀመሪያ ጊዜ በ10 ላይ ከዋለ፣ በሁለተኛው ጊዜ በ11 ላይ ይውላል።

ባለሱቃችን ሳንቲሙን ጣለ እንበል። የመጀመሪያው ጥንድ 10 ከዚያ 11፣ ሁለተኛው 11 ከዚያ 10 ወጣ። ግልባጮቹም ሦስተኛው 11 ከዚያ 10፣ አራተኛው 10 ከዚያ 11 ሆኑ። ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ መመዝገብ ነው፤ ሙከራው የሚበላሸውም አብዛኛውን ጊዜ እዚሁ ነው።

አንደኛው ብልሽት እንጀራው የሚያልቅበት ሰዓት ነው። ባለሱቁ በቀን የሚያስጋግረው 50 እሽግ ብቻ ከሆነና በ10 ሪያል ሳምንት ከመግሪብ በፊት የሚያልቅ ከሆነ፣ የዚያ ሳምንት ቁጥር የሚነግረን የምጣዱን አቅም እንጂ የገበያውን ፍላጎት አይደለም። 60 እሽግ የሚፈልግ ሰው እየመጣ 50 ብቻ ተሸጠ ተብሎ ይጻፋል፤ በ11 ሪያል ሳምንትም 50 ሲሸጥ ነጋዴው ዋጋው ምንም አልነካውም ብሎ ይደመድማል። ስለዚህ በሙከራው ወራት በየዕለቱ ጥቂት እሽግ እስኪተርፍ ድረስ አብዝቶ ማስጋገር ያስፈልጋል። የተረፈው ኪሳራ የሙከራው ወጪ ነው። ያ ካልተቻለ እንጀራው ያለቀበትን ሰዓት በየቀኑ መጻፍና ቀድሞ ያለቀባቸውን ቀናት ከስሌቱ ማውጣት ግድ ይላል።

ሁለተኛው ለወዳጅ የሚደረግ ቅናሽ ነው። የቆየ ደንበኛ መጥቶ «ለኔ በድሮው አድርግልኝ» ሲለው ባለሱቁ እምቢ ማለት ይከብደዋል። ሆኖም በ11 ሪያል ሳምንት አሥር ሰዎች በ10 ከገዙ፣ ሳምንቱ የ11 ሪያል ሳምንት መሆኑ ቀርቷል። የዱቤ ደንበኞችም ለብቻ ይመዝገቡ። በደብተር አጽፎ የሚወስድ ሰው የዋጋውን ለውጥ የሚያስተውለው ወር ሲደርስ ሒሳቡን ሲከፍል ነውና፣ በየሳምንቱ ከሚያሳየው ጸባይ ብዙ ማንበብ አይቻልም።

አንባቢ በዚህ አጋጣሚ ዋጋን እንዲህ ማፈራረቅ በሸሪዓው ዓይን ያስነቅፋል ወይ ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ሻጭ በራሱ ንብረት ላይ የሚጠይቀውን ዋጋ መወሰኑ፣ ገዢው በውዴታ እስከተቀበለው ድረስ፣ በመሠረቱ የተፈቀደ ንግድ ነው። የሚከለከለው ማታለሉ ነው፤ በመደርደሪያው ላይ 10 ተጽፎ በሒሳብ መክፈያው ላይ 11 ማስከፈል ወይም ዋጋው ሳይታወቅ ዕቃውን አስረክቦ በኋላ መጨመር። ዋጋው በግልጽ ተለጥፎ በዚያ ሳምንት ለሚገባ ሁሉ አንድ ከሆነ ባለሱቁ ከዚህ ነቀፌታ ይድናል፤ መዝገቡም ንጹሕ ይሆንለታል።

ስምንቱ ሳምንት አለፈ። በመጀመሪያው ጥንድ በ10 ሪያል 338 እሽግ፣ በ11 ሪያል 291 እሽግ ተሸጠ። በሁለተኛው በ10 ሪያል 313፣ በ11 ሪያል 277። በሦስተኛው 325 እና 310። በአራተኛው 304 እና 282። ልዩነቶቹ በቅደም ተከተል 47፣ 36፣ 15 እና 22 እሽግ ናቸው። የመጀመሪያው ልዩነት ከሁሉ መብለጡና ሦስተኛው ከሁሉ ማነሱ ያለ ምክንያት አይደለም። በመጀመሪያው ጥንድ ደመወዙ 10 ሪያልን ረድቶታል፤ በሦስተኛው ደግሞ 11 ሪያልን ደግፎታል። በመጀመሪያው ጥንድ ብቻ ቆሞ ቢሆን ኖሮ ባለሱቁ ሽያጩ 14 በመቶ ገደማ ወረደ ብሎ ይደነግጥ ነበር። በሦስተኛው ብቻ ቢሆን 5 በመቶ እንኳ አልወረደም ብሎ ይዝናና ነበር።

አራቱን ስንደምር በ10 ሪያል በአማካይ በሳምንት 320 እሽግ፣ በ11 ሪያል 290 እሽግ ተሸጧል። ቅናሹ 30 እሽግ ወይም 9.4 በመቶ ገደማ ነው። ዋጋው የጨመረው በ10 በመቶ ስለሆነ ትብነቱ 0.94፣ በግርድፉ አንድ ነው።

ባለሱቁ ግን ትብነት የሚባል ነገር ሳይሆን የገንዘብ መሳቢያውን ነው የሚያየው። በ10 ሪያል 320 እሽግ ሲሸጥ በሳምንቱ 3200 ሪያል ይገባል። በ11 ሪያል 290 ሲሸጥ የሚገባው 3190 ሪያል ነው። በመሳቢያው ውስጥ የተለወጠ ነገር የለም፤ እንዲያውም አሥር ሪያል ጎድሏል። ብዙ ነጋዴ እዚህ ላይ «ደንበኛ አስቀይሜ ምንም አላተረፍኩም» ብሎ ወደ ድሮው ዋጋ ይመለሳል። ይሳሳታል። በ10 ሪያል ሲሸጥ ከእያንዳንዱ እሽግ 4 ሪያል ይተርፈዋል፤ በሳምንት 1280 ሪያል። በ11 ሲሸጥ ከእያንዳንዱ 5 ሪያል ይተርፈዋል፤ በሳምንት 1450። የ170 ሪያል ትርፍ የመጣው 30 እሽግ ባለመጋገሩ ከዳነው ጤፍ፣ ጋዝና ድካም ነው። መሳቢያው ይህን አያሳይም።

በዚህም ምክንያት ከሙከራው በፊት መሰላት ያለበት ዋናው ቁጥር፣ በእኔ እምነት፣ ትብነቱ ሳይሆን የመቻያ ወሰኑ ነው። ጥያቄው «ሽያጬ ይቀንሳል ወይ?» አይደለም፤ መቀነሱማ አይቀርም። ጥያቄው «ስንት ቢቀንስብኝ ነው የምከስረው?» የሚለው ነው። ስሌቱ አንድ መስመር ነው። በአሮጌው ዋጋ የሚተርፈውን 1280 ሪያል በአዲሱ ዋጋ ከአንድ እሽግ ለሚተርፈው 5 ሪያል ማካፈል፤ መልሱ 256 እሽግ ነው። በ11 ሪያል ሳምንታዊ ሽያጩ ከ256 በላይ እስከሆነ ድረስ ጭማሪው ያዋጣል። ከ320 እስከ 256 ድረስ 64 እሽግ የማጣት ነጻነት አለው፤ ያጣው በአማካይ 30 ነው።

ይሁን እንጂ አማካዩ 30 የሆነው በአራት ጥንዶች ብቻ ነው። ሌሎች አራት ጥንዶች ቢሞከሩ 20 ወይም 45 ሊወጣ ይችል ነበር። ምን ያህል ሊዋዥቅ እንደሚችል ከራሱ ከመዝገቡ መገመት ይቻላል። አራቱ ልዩነቶች ከ30 በስንት እንደራቁ እናያለን፤ በ17፣ በ6፣ በ15 እና በ8። እያንዳንዱን በራሱ አባዝተን ስንደምር 614 ይሆናል። ይህን ለ3 አካፍለን የውጤቱን ስኩዌር ሩት ስንወስድ 14.3 እናገኛለን፤ የአንድ ጥንድ ልዩነት በተለምዶ ይህን ያህል ይዋዥቃል ማለት ነው። የአራት ጥንዶች አማካይ ግን የሚዋዥቀው በግማሹ፣ በ7.15 ነው፤ የአራት ስኩዌር ሩት ሁለት ነውና። በመጨረሻም 7.15ን በ3.18 እናባዛለን። ይህ 3.18 ለአራት ጥንዶች ከስታቲስቲክስ ሠንጠረዥ የሚወሰድ ቁጥር ነው፤ የጥንዶቹ ብዛት ሲጨምር እያነሰ ወደ 2 ይጠጋል። ውጤቱ 23 ገደማ ይሆናል።

እንግዲህ እውነተኛው ሳምንታዊ ቅናሽ ከ7 እስከ 53 እሽግ ባለው መካከል ሊሆን ይችላል። ይህን ወደ ትብነት ስንመልሰው ከ0.2 እስከ 1.7 ማለት ነው። እንደ መለኪያ ካየነው ይህ እጅግ የሰፋ ነው፤ ማንም ተመራማሪ በዚህ አይኮራም። እንደ ውሳኔ ካየነው ግን በቂ ነው፤ ምክንያቱም ክፉው ጫፍ 53 እንኳ ከ64 በታች ነው። ባለሱቁ ትብነቱን በትክክል ሳያውቅ ማወቅ የሚፈልገውን አውቋል።

ሁልጊዜ እንዲህ አይቀናም። የአንዱ እሽግ ወጪ 6 ሳይሆን 3 ሪያል ቢሆን ኖሮ፣ ትርፉ ከ7 ወደ 8 ሪያል ብቻ ነበር የሚያድገው፤ የመቻያ ወሰኑም 40 እሽግ ይሆን ነበር። 40 ደግሞ ከ7 እስከ 53 ባለው መካከል ላይ ነው። ያኔ ያው መዝገብ፣ ያው አማካይ፣ ምንም ፍርድ አይሰጥም። እንዲህ ሲሆን «በአማካይ 30 ነው፣ ከ40 ያንሳል» ብሎ መጨመር በዕድል መጫወት ነው። የመዋዠቁን ስፋት በግማሽ ለመቀነስ የጥንዶቹን ብዛት አራት እጥፍ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ይህም 32 ሳምንት ነው። በዚህ መካከል ረመዳን ይገባል፤ የግዢው ሰዓትም መጠኑም ይለወጣል፤ የሳምንታቱ መመሳሰል ይፈርሳል። ለዚህ ነጋዴ የሚሻለው የሁለቱን ዋጋዎች ርቀት ማስፋት፣ ለምሳሌ 10ን ከ12 ጋር መፈተን ነው። ሰፊ ርቀት ከሳምንታት መዋዠቅ በላይ ጎልቶ ይታያልና።

ሌላ መጠንቀቅ የሚገባ ነገር ማቀዝቀዣው ነው። እንጀራ ሳይቀዘቅዝ ቢቀመጥ ከጥቂት ቀናት በላይ ስለማይቆይ ለእንዲህ ያለ ሙከራ ምቹ ይመስላል። ነገር ግን በስደት አገር ብዙ ቤተሰብ እንጀራ በፍሪዘር ያስቀምጣል። ደንበኛው ዋጋው በየሳምንቱ እንደሚፈራረቅ ከተረዳ በ10 ሪያል ሳምንት ሦስት እሽግ ገዝቶ ያስገባና በ11 ሪያል ሳምንት አይመጣም። ያኔ መዝገቡ ገበያው ለዋጋ እጅግ ስሱ እንደሆነ ይናገራል፤ እውነቱ ግን ደንበኛው የገዛበትን ቀን አዘዋወረ እንጂ የሚበላውን አልቀነሰም። ይህን ማወቂያው የዕለት መዝገቡ ነው። ዋጋው በወረደ ማግስት ሽያጩ በድንገት ከዘለለና በርከሱ ሳምንት መጨረሻ ላይም አንድ ሰው የሚያነሳው እሽግ ከወትሮው ከበዛ፣ እየተለካ ያለው የማከማቸት ልማድ ነው። የቡና ፍሬና በርበሬ ደግሞ ለወራት ስለሚቀመጡ ይህ ችግር በእነሱ ላይ ይብሳል፤ ለእነሱ በየሳምንቱ ማፈራረቁን ባልመክር እመርጣለሁ።

ስሌቱ የዘለላቸው ሁለት ሒሳቦችም አሉ። እንጀራ ሊገዛ የመጣ ሰው በርበሬና ቡናም ይዞ ይወጣል። የጠፋው እያንዳንዱ እሽግ ከሌሎች ዕቃዎች የሚገኝ 3 ሪያል ትርፍ ይዞ ከሄደ፣ ከ170 ሪያሉ ላይ 90 ይቀነሳል። ከ5.67 ሪያል በላይ ይዞ ከሄደ ጭማሪው ኪሳራ ይሆናል። ስለዚህ በሁለቱ ዋጋዎች ሳምንታት የበርበሬውንና የቡናውን ሽያጭም ጎን ለጎን መጻፍ ይገባል። ሁለተኛው ግብር ነው። በሳዑዲ ዓረቢያ ከሐምሌ 2020 ጀምሮ የተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ ነው። ለታክሱ የተመዘገበ ሱቅ ከሆነ፣ በተለጠፈው ዋጋ ላይ ከተጨመረችው አንድ ሪያል ለነጋዴው የምትቀረው 87 ሀላላ ገደማ ናት።

ስምንት ሳምንት የማይነግረው ነገርም አለ። የሚለካው አሁን በአጠገቡ የሚያልፈው ሰው ወዲያውኑ የሚሰጠውን ምላሽ ነው። በዋጋው ቅር የተሰኘ ደንበኛ በመጀመሪያው ሳምንት ከልማዱ የተነሳ ይገዛል፤ ከመንገዱ ማዶ ያለውን እንጀራ የሚቀምሰው በሁለተኛው ወር ሊሆን ይችላል። የማዶው ሻጭም ዋጋ በሚፈራረቅበት ጊዜ ዝም ብሎ ቢቆይ፣ 11 ሪያል ቋሚ ሆኖ ሲያይ የራሱን ሊጨምርም ላይጨምርም ይችላል። ከ10 እስከ 11 ባለው መካከል የተገኘው ቁጥርም ለ13 ሪያል አያገለግልም።

በዚህ የተነሳ ባለሱቃችን ዋጋውን በ11 ሪያል ካጸና በኋላ ደብተሩን አይዘጋም። በየቅዳሜው ማታ የሳምንቱን እሽግ ቆጥሮ ይጽፋል፤ ከጎኑም 256 የሚለውን ቁጥር ያኖራል። ያለ ደመወዝ ሦስት ተከታታይ ሳምንታት ከዚያ በታች ከወረዱ፣ መንገዱን ተሻግሮ የማዶውን ዋጋ ይጠይቃል።